ሰው ከመዝገብ እያለ ለምን ይጠፋል? ስለ ሁለትዮሽ የፍለጋ ዛፍ አንድ አስተያየት

በአንድ መዝገብ ክፍል ሊሆን የሚችለውን እናስብ። ባለ ጉዳዩ በመስኮቱ ቀርቦ ስሙ ዓለሙ መሆኑን ይናገራል። የመዝገብ ሠራተኛዋ እንደ ሰማችው «አለሙ» ብላ ትጽፋለች፤ ኮምፒዩተሩም በዚህ ስም የተመዘገበ ሰው የለም ሲል ይመልሳል። ሰውየው ግን አምና በዚያው ክፍል «ዓለሙ» ተብሎ ተመዝግቧል። ሠራተኛዋ ሌላ ማድረግ የምትችለው ነገር ስለሌለ አዲስ መዝገብ ትከፍትለታለች። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ አንዱ ሰው በመዝገቡ ውስጥ ሁለት ሰው ይሆናል፤ የአምናው ጉዳዩ በአንዱ፣ የዘንድሮው በሌላው ይጻፋል።

እንዲህ ያለ ጉድለት ሲያጋጥም ወቀሳው በሠራተኛዋ የፊደል አጻጻፍ ላይ ሊወድቅ ይችላል። በእኛ አስተያየት ግን ጥያቄው መቅረብ ያለበት ፕሮግራሙን ለጻፈው ሰው፣ ከዚያም አልፎ ፕሮግራም መጻፍን ለምናስተምር ሰዎች ነው። መረጃን በተራ አስቀምጦ አዲሱን በፍጥነት ለማስገባትና የገባውንም በፍጥነት ለማግኘት ተማሪዎቻችን ከሚማሯቸው ዘዴዎች አንዱ ሁለትዮሽ የፍለጋ ዛፍ፣ በተለመደው አጠራሩ ባይነሪ ሰርች ትሪ ነው። ይህ ዛፍ በራሱ የሚያውቀው ነገር የለም። መልኩንና ተራውን የሚወስኑት ከውጭ የሚሰጡት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ እነርሱም መረጃው የሚደርስበት ቅደም ተከተልና ሁለቱን መረጃዎች የሚያነጻጽረው ደንብ ናቸው። የመማሪያ መጻሕፍት ምሳሌዎች አብዛኛውን ጊዜ ቁጥሮች በመሆናቸው ስለ መጀመሪያው ብዙ ይባላል፤ ሁለተኛው ግን እንደ ታወቀ ነገር ይታለፋል። 5 ከ9 ማነሱን የሚጠይቅ የለምና። በአማርኛ ለተጻፈ ስም ግን «ማን ይቀድማል?» የሚለው ጥያቄ እንዲሁ የሚታለፍ አይደለም።

ዛፉ እንዴት ይሠራል?

ሰባት ስሞችን እንውሰድ። በሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ ተራ ሲደረደሩ ለማ፣ መሠረት፣ ሰሎሞን፣ በቀለ፣ አበበ፣ ከበደ፣ ገነት ይሆናሉ። እነዚህ ስሞች ወደ ዛፉ የደረሱት ግን በሌላ ቅደም ተከተል፣ ማለትም በቀለ፣ መሠረት፣ ከበደ፣ ለማ፣ ሰሎሞን፣ አበበ፣ ገነት ሆነው ነው እንበል።

መጀመሪያ የደረሰው በቀለ የዛፉ ሥር ይሆናል። ቀጥሎ መሠረት ስትመጣ ከበቀለ ጋር ትነጻጸራለች፤ መ ከበ ስለሚቀድም በግራው በኩል ትቀመጣለች። ከበደ ደግሞ ከበቀለ በኋላ የሚመጣ ስለሆነ በቀኙ ይቀመጣል። ለማ ከበቀለ ይቀድማልና ወደ ግራ ይሄዳል፤ በዚያም መሠረትን ያገኛል፤ ከእርስዋም ስለሚቀድም በግራዋ ይገባል። ሰሎሞን ከበቀለ ቀድሞ ከመሠረት በኋላ ስለሚመጣ በመሠረት ቀኝ ይሆናል። አበበና ገነትም በተመሳሳይ መንገድ በከበደ ግራና ቀኝ ይቀመጣሉ። እንግዲህ ዛፉ ሦስት ደረጃዎች አሉት፤ በላይኛው አንድ፣ በመካከለኛው ሁለት፣ በታችኛው አራት ስሞች ይገኛሉ።

እያንዳንዱ ስም የተቀመጠበትን ቦታ አንጓ እንበለው። ዛፉ የሚጠብቀው ሕግ አንድ ብቻ ነው። ከአንድ አንጓ በስተ ግራ ያለው ቅርንጫፍ በሙሉ ከአንጓው የሚቀድም፣ በስተ ቀኝ ያለው ቅርንጫፍም በሙሉ ከአንጓው በኋላ የሚመጣ መሆን አለበት። «በሙሉ» የሚለው ቃል ሊሠመርበት ይገባል፤ ሕጉ ቀጥሎ ያለውን አንጓ ብቻ ሳይሆን ከሥሩ ያሉትን ሁሉ የሚገዛ ነው። ስንፈልግ ግማሹን ቅርንጫፍ ሳናየው እንድንተወው የሚፈቅድልንም ይኸው ሕግ ነው።

አሁን ተስፋዬ የሚባል አዲስ ስም ይምጣ። ከበቀለ በኋላ ስለሆነ ወደ ቀኝ፣ ከከበደ በፊት ስለሆነ ወደ ግራ፣ ከአበበም በፊት ስለሆነ እንደገና ወደ ግራ ይሄዳል፤ በዚያ ባዶ ቦታ ያገኛልና ይቀመጣል። ሦስት ጊዜ ብቻ አነጻጸርን፤ ከቦታው ያነሣነው ሌላ ስም የለም። ስሞቹን በተራ በተጻፈ ዝርዝር ይዘን ቢሆን ኖሮ ለተስፋዬ ቦታ ለመልቀቅ አበበን፣ ከበደንና ገነትን አንድ አንድ ቦታ መግፋት ነበረብን። በሺህ የሚቆጠር ስም ሲሆን ልዩነቱ ግልጽ ይሆናል። ስሞቹን በተራ ማተም ስንፈልግም ከየአንጓው መጀመሪያ ግራውን፣ ቀጥሎ ራሱን፣ በመጨረሻም ቀኙን እያነበብን ብንሄድ ከለማ እስከ ገነት ተራው ሳይዛባ ይወጣል።

በፓይተን ቋንቋ የማስገባቱ ሥራ ከዚህ አይበልጥም፦

```
def insert(node, key):
    if node is None:
        return Node(key)
    if key < node.key:
        node.left = insert(node.left, key)
    elif key > node.key:
        node.right = insert(node.right, key)
    return node
```

የመድረሻ ቅደም ተከተል

ከላይ ያየነው ዛፍ ያማረው በቀለ ቀድሞ ስለ ደረሰ ነው። እነዚያው ሰባት ስሞች በፊደል ተራቸው ከለማ ጀምረው ቢደርሱስ? መሠረት በለማ ቀኝ፣ ሰሎሞን በመሠረት ቀኝ፣ በቀለ በሰሎሞን ቀኝ እያለ ይቀጥላል። ግራ ቅርንጫፍ ያለው አንጓ አንድም አይገኝም። ሕጉ አልተጣሰም፤ ስሞቹም በተራ ናቸው፤ ነገር ግን ዛፍ መሆኑ ቀርቶ ሰንሰለት ሆኗል። በመጀመሪያው አደራረስ ሰባቱን ለማስገባት 10 ማነጻጸር በቂ ነበር፤ በዚህኛው 21 ያስፈልጋል።

በሰባት ስም ይህ ልዩነት አያስጨንቅም። 10,000 ስም ሲሆን ግን በተራ የደረሰው መዝገብ ተገንብቶ እስኪያልቅ 49,995,000 ማነጻጸር ይጠይቃል። ስሞቹ በዘፈቀደ ቢደርሱ ኖሮ በአማካይ ወደ 156,000 ገደማ ይበቃ ነበር፤ ልዩነቱ ከ300 እጥፍ በላይ ነው። ይህም የሩቅ ሥጋት አይደለም። ተራው የደረሰው ዝርዝር የተለመደው ዝርዝር ነውና፤ የተማሪዎች ስም፣ የሠራተኞች ደመወዝ መዝገብ፣ የመለያ ቁጥር ሁሉ ብዙ ጊዜ ተደርድሮ ነው የሚመጣው።

ጉድለቱን ማወቂያው ቀላል ነው። የስሞቹን ብዛት እጥፍ ስናደርገው የግንባታው ጊዜ አራት እጥፍ ከሆነ ዛፉ ሰንሰለት ሆኗል ብለን መጠርጠር አለብን። ከላይ የጻፍነው የፓይተን ፕሮግራም ደግሞ ራሱን በራሱ የሚጠራ በመሆኑና ቋንቋው ካልተነገረው በቀር የዚህን ጥሪ ጥልቀት በ1,000 ስለሚወስነው፣ በተራ የተደረደረ ዝርዝር ሲሰጠው ወደ ሺህኛው ስም ሲቃረብ `RecursionError` ብሎ ይቆማል። ከሁሉ የሚሻለው የዛፉን ደረጃዎች መቁጠር ነው። 10,000 ስም በሚገባ ከተመጣጠነ 14 ደረጃ ይበቃዋል።

ለዚህ ችግር መፍትሔ ከተገኘ ብዙ ዘመን ሆኖታል። እ.ኤ.አ. በ1962 የሶቪየት ኅብረት የሒሳብ ሊቃውንት አደልሰን-ቬልስኪና ላንዲስ በስማቸው መነሻ ፊደሎች ኤቪኤል የሚባለውን ዛፍ አቀረቡ። ሐሳቡ እንዲህ ነው። ከእያንዳንዱ አንጓ ግራና ቀኝ ያሉት ቅርንጫፎች ቁመት ከአንድ ደረጃ በላይ እንዳይበላለጥ ይጠበቃል፤ ሲበላለጥ አንጓዎቹ ይሽከረከራሉ። ለማ፣ መሠረት፣ ሰሎሞን በተራ ሲደርሱ ሰንሰለቱ በቀኝ በኩል ያዘነብላል፤ ያን ጊዜ መሠረት ወደ ላይ ትወጣለች፣ ለማ በግራዋ፣ ሰሎሞን በቀኝዋ ይሆናሉ። ከግራ ወደ ቀኝ ስናነብ ግን ከሽክርክሩ በፊትም ሆነ በኋላ ተራው ያው ለማ፣ መሠረት፣ ሰሎሞን ነው። በዚህ ዘዴ 10,000 ስሞች በምንም ዓይነት ቅደም ተከተል ቢደርሱ የዛፉ ደረጃ ከ18 አይበልጥም።

ከዚህ በኋላ አንዳንድ ባልደረቦቻችን የሚያነሡት ተቃውሞ አለ። «ዛሬ ማንም ሰው ዛፍ በእጁ አይጽፍም፤ የጃቫው `TreeMap` ራሱን የሚያመጣጥን ዛፍ ነው፤ ተዘጋጅቶ የቀረበውን መጠቀም ይበቃል» ይላሉ። ስለ ሚዛኑ ከሆነ እውነታቸውን ነው። ሚዛንን ከሌላ ሰው መዋስ ይቻላል። ማነጻጸሪያውን ግን ማንም አያውሰንም።

ማን ይቀድማል?

ከላይ ወዳለው ኮድ እንመለስ። ፍርዱን ሁሉ የሚሰጠው `<` የሚለው ምልክት ነው። ፓይተን ሁለት ቃላትን በዚህ ምልክት ሲያነጻጽር የሚመለከተው ለእያንዳንዱ ፊደል በዩኒኮድ የተሰጠውን ቁጥር ነው። በዩኒኮድ አ `U+12A0`፣ ዐ ደግሞ `U+12D0` ነው። በመካከላቸው ከ፣ ኸ እና ወ ከነዘሮቻቸው ይገኛሉ። በአማርኛ ንባብ አንድ ድምፅ የሆኑት ሁለት ፊደላት በማሽኑ ዓይን ተራርቀው የተቀመጡ ናቸው።

ይህ በዛፋችን ላይ የሚያስከትለውን እንመልከት። «ዓለሙ» ይግባ። ከበቀለ በኋላ ስለሆነ ወደ ቀኝ፤ ዓ ከከ በኋላ ስለሆነ ከከበደም ወደ ቀኝ፤ ከገነት በፊት ስለሆነ በገነት ግራ ይቀመጣል። አሁን «አለሙ» ብለን እንፈልገው። ከበቀለ ወደ ቀኝ እንሄዳለን፤ አ ከከ ስለሚቀድም ግን ከከበደ ወደ ግራ እንታጠፋለን። በአበበ ዘንድ ለ ከበ ስለሚቀድም ወደ ግራ፣ በተስፋዬ ዘንድ ደግሞ ወደ ቀኝ ስንል ባዶ ቦታ እናገኛለን። ፍለጋው «የለም» ብሎ ያበቃል። ሁለቱ መንገዶች የተለያዩት በከበደ አንጓ ላይ ነው። ዛፉ አልተሳሳተም፤ በተሰጠው ደንብ መሠረት በሌላኛው ወገን ያለውን ቅርንጫፍ ሳያየው መተዉ ትክክል ነበር። ዛፉ ኤቪኤል ቢሆንም መልሱ ያው ነበር። ፍጥነቱ የሚገኘው ግማሹን ባለማየት ስለሆነ፣ ደንቡ ሲሳሳት ስሕተቱም የሚመጣው ከዚያው ነው።

ዝርዝሩን ከላይ እስከ ታች በዓይን ለሚያነብ ሰው ይህ ችግር አይደርስበትም ነበር፤ «ዓለሙ» የሚለውን ሲያይ «ይኸው ነው» ይላልና። ማሽኑም እንዲሁ እንዲያይ ከፈለግን ለማነጻጸሪያ የሚሆን የተለየ ቁልፍ ማዘጋጀት ይኖርብናል። ሰውየው ስሙን የጻፈበት ፊደል እንዳለ ይቀመጣል፤ ማንም ሊነካው አይገባም። ከእርሱ ጎን ለጎን ግን ሐና ኀ ወደ ሀ፣ ሠ ወደ ሰ፣ ዐ ወደ አ፣ ፀ ወደ ጸ፣ ሰባቱም ዘሮቻቸው እየተከተሉ የሚመለሱበት ቁልፍ ይሠራል። ሀና ሃ፣ አና ኣ በድምፅ ስለማይለያዩ እነርሱም አብረው ይታያሉ። ማነጻጸር የሚደረገው በዚህ ቁልፍ ብቻ ሲሆን፣ የሚታተመው ግን የመጀመሪያው አጻጻፍ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ተጨማሪ ጥንቃቄ አለ። ቁልፎቹ ሲመሳሰሉ «ዓለሙ» እና «አለሙ» የሚባሉ ሁለት የተለያዩ ሰዎች አንድ ቁልፍ ይኖራቸዋል። ከላይ ያለው ኮድ እኩል ቁልፍ ሲመጣበት ምንም ሳይናገር ይተወዋል፤ ሁለተኛው ሰው ሳይመዘገብ ይቀራል ማለት ነው። ስለዚህ ቁልፉ በአባት ስምና በመለያ ቁጥር መራዘም አለበት፤ አለበለዚያም አንድ አንጓ የብዙ ሰዎችን ዝርዝር መያዝ ይኖርበታል።

ደንብ በመካከል ሲለወጥ

ከሁሉ የከፋው ጉዳት የሚደርሰው ጉድለቱን ለማስተካከል ስንነሣ ነው። አንድ ፕሮግራመር ከላይ የተባለውን ሰምቶ ማነጻጸሪያውን ዛሬ ቢያሻሽል፣ ዛፉን ግን በአሮጌው ደንብ እንደ ተሠራ ቢተወው ምን ይሆናል? አሁን «ዓለሙ» ብለን በትክክለኛው ፊደል እንኳ ብንፈልግ ቁልፉ ወደ «አለሙ» ይመለሳል፤ በከበደ አንጓ ወደ ግራ እንታጠፋለን፤ ሰውየው ግን ያለው በቀኝ ነው። ትናንት በአንድ አጻጻፍ ይገኝ የነበረው ሰው ዛሬ በየትኛውም አጻጻፍ አይገኝም። እንደገና ቢመዘገብ ደግሞ ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ ድርብ ሆኖ ይገባል።

ይህ በሐሳብ ብቻ ያለ አደጋ አይደለም። በብዙ የሊኑክስ ሥርዓቶች ውስጥ የሚገኘው `glibc` የተባለ ላይብረሪ እ.ኤ.አ. በ2018 በወጣው 2.28 እትሙ ጽሑፍ የሚደረደርበትን ደንብ በስፋት ለወጠ። ፖስትግሬስኪውኤል የተባለው የመረጃ ቋት ለፍለጋ የሚጠቀምበት ቢ-ትሪ ሁለትዮሽ ባይሆንም የሚመራው በዚያው ሕግ ነው። ሥርዓታቸውን አሻሽለው የቀድሞውን መረጃ እንዳለ የቀጠሉ ተጠቃሚዎች በአሮጌው ደንብ የተሠራውን ዛፍ በአዲሱ ደንብ መፈለግ ጀመሩ። እንዲህ ሲሆን ያለው መረጃ እንደሌለ ሊቆጠር፣ መደገም የሌለበትም ቁልፍ ሊደገም ይችላል። መድኃኒቱ በ`REINDEX` ትእዛዝ ዛፉን እንደ አዲስ መገንባት ነበር።

በሽታውን መለየት ግን አስቸጋሪ አይደለም። ዛፉን ከግራ ወደ ቀኝ እያነበብን እያንዳንዱ ቁልፍ ከቀደመው በኋላ የሚመጣ መሆኑን በአዲሱ ደንብ እንመርምር። በምሳሌያችን ከበደን አልፈን «ዓለሙ» ዘንድ ስንደርስ ቁልፉ «አለሙ» ከከበደ የሚቀድም ሆኖ ይገኛል፤ ሕጉ የተጣሰበት ቦታ ይኸው ነው። አንድ ጊዜ ማንበብ ይበቃል፤ 10,000 ስም ላለው መዝገብ 9,999 ማነጻጸር ነው።

መልሶ ለመገንባትም ጥንቃቄ ያሻል። አሮጌውን ዛፍ ከግራ ወደ ቀኝ እያነበቡ ራሱን ወደማያመጣጥን አዲስ ዛፍ ማስገባት፣ ስሞቹ ከጥቂቶቹ በቀር በተራ ስለሚደርሱ፣ ቀደም ብለን ያየነውን ሰንሰለት ይወልዳል። ስለዚህ ወይ ራሱን የሚያመጣጥን ዛፍ መጠቀም፣ ወይም ስሞቹን በአዲሱ ቁልፍ ደርድሮ መካከለኛውን ሥር ማድረግ፣ ከዚያም በግራና በቀኝ የቀሩትን ግማሾች በዚሁ ዘዴ መከፋፈል ያስፈልጋል። በመጀመሪያው ምሳሌያችን በቀለን ሥር ያደረገው ይኸው አካሄድ ነበር።

የእኛ ሐሳብ

የምናቀርበው ሐሳብ ለትምህርት ክፍሎች ነው። የሁለትዮሽ ዛፍ ትምህርት በቁጥር ተጀምሮ በቁጥር እንዳያልቅ ቢያንስ አንድ የቤት ሥራ በአማርኛ ስሞች ይሁን፤ ከስሞቹም መካከል ዓለሙና አለሙ፣ ፀሐይና ጸሐይ፣ ሠናይትና ሰናይት ይገኙባቸው። ተማሪው ማነጻጸሪያውን ራሱ ይጻፍ፤ ለምን እንዲህ እንደ ወሰነም በጽሑፍ ያስረዳ። አንድ ሰው ሠናይትና ሰናይት የተለያዩ ስሞች ሆነው መቆየት አለባቸው ብሎ ቢከራከር መብቱ ነው፤ ምክንያት ማቅረብና በማስገባትም በመፈለግም ጊዜ ያንኑ ደንብ መጠበቅ ግን ግዴታው ነው።

ከዚህም ጋር ማንኛውም የሚረከበው ፕሮግራም ሁለት መመርመሪያዎች ይኑሩት። አንደኛው የዛፉን ደረጃ የሚቆጥር፣ ሁለተኛው ተራው መጠበቁን ከግራ ወደ ቀኝ የሚያረጋግጥ ነው። ሁለቱም በአንድ ገጽ ኮድ ያልቃሉ። ደረጃ የሚቆጥረው ዛፉ መዘግየቱን ይነግረናል፤ ተራ የሚመረምረው ግን ከዚያ የከበደውን፣ በዛፉ ውስጥ እያለ የማይገኝ ስም መኖሩን ያሳየናል። የዘገየ መልስ ሰውን ያስቆጣል፤ ተጠቃሚውም ቅሬታውን ያሰማል። በፍጥነት የመጣ «የለም» የሚል መልስ ግን ትክክል ስለሚመስል ማንም አይመረምረውም።